ባሌ ጀርመንኛ መናገር ያቆመበት ምክንያት እኔ ነበርኩ

ጀርመን ስንገባ እኔ በአንድ ዓመት ቋንቋውን ያዝኩና በነርስነት ተቀጠርኩ። ባለቤቴ አገር ቤት ሲቪል መሐንዲስ ነበር። እዚህ መጋዘን ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ገባ። ቀስ በቀስ ዝም አለ። ሐኪም ጋ ስንሄድ የማስተረጉመው እኔ ነኝ፤ ሐኪሙ እኔን እያየ ስለ እሱ ይጠይቃል። እቤት ስንመለስ በትንሹ እንጣላለን።

መጀመሪያ ራት ላይ ላስተምረው ሞከርኩ። ከስም በፊት የሚገባውን አርቲክል ባረምኩ ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል። የቋንቋ ኮርሱንም ጀምሮ ነበር፤ 600 ሰዓት ነው፣ ከሌሊት ሥራ ጋር ግን አልሄደለትም፣ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል።

የሠራው ነገር ማስተርጎም ማቆሜ ነው። ተነጋግረን የቤቱን ደብዳቤና ስልክ ሁሉ ለእሱ ተውኩ። ከመደወሉ በፊት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። «እርጂኝ» ካላለኝ አፌን አልከፍትም። መጀመሪያ የደወለው ስለ ተበላሸው ማሞቂያ ለቤት አስተዳዳሪው ነው። ሁለት ጊዜ ዘጉበት። እኔ ወጥ ቤት ቆሜ ከንፈሬን ነከስኩ። በሦስተኛው ቀጠሮ ያዘ!

ከዚያ የሌሊቱን ሥራ ትቶ ኮርሱን በቀን ቀጠለ። ለስድስት ወር በእኔ ደመወዝ ኖርን፤ ገንዘቡ የሚገባው ግን በጋራ ሒሳባችን ነበር፣ እንዳይጠይቀኝ። ዲግሪውንም anabin ላይ፣ ማለትም የውጭ ዩኒቨርሲቲዎችና ዲግሪዎች በተመዘገቡበት የጀርመን ድረ ገጽ ላይ፣ ፈለግን። የተማረበት ዩኒቨርሲቲ H+ የሚል ምልክት ነበረው፣ ጀርመን ውስጥ እውቅና አለው ማለት ነው፤ ከዚያ የውጭ ዲግሪ ለሚገመግመው መሥሪያ ቤት፣ ለ ZAB፣ የግምገማ ማመልከቻውን እሱ ራሱ ላከ። አሁን በአንድ ቢሮ ንድፍ ይሠራል። ደመወዙ ገና ከእኔ ያንሳል። ሐኪም ጋ ግን ብቻውን ይሄዳል።