በተዳፋት መሬት ላይ ለእርከናማ መሠረት የሚያስፈልገውን ኮንክሪት ማስላት

መሬቱ ሜዳ ከሆነ የግድግዳ መሠረት ኮንክሪት ስሌት ቀላል ነው፤ ርዝመት በወርድ በውፍረት ማባዛት ብቻ ነው። ተዳፋት ሲሆን ግን መሠረቱ በእርከን ይወርዳል። የቦዩ ወለል በየክፍሉ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቆፈራል እንጂ ከመሬቱ ጋር አያዘነብልም። ስሌቱ የሚበላሸውም እርከኖቹ በሚገናኙበት ቦታ ነው።

መጀመሪያ የመሠረቱን የጎን ገጽታ ወረቀት ላይ ሣሉት። ቆንጆ መሆን የለበትም። የላይኛው ክፍል ጫፍ የታችኛውን ክፍል ጫፍ ትንሽ ይደርበዋል። ይህ ድርብ ከሌለ መሠረቱ እርከኑ ላይ ይሳሳና ግድግዳው እዚያው ይሰነጠቃል። የተለመደው ደንብ የእርከኑ ከፍታ ከኮንክሪቱ ውፍረት እንዳይበልጥ ነው። የድርቡ ርዝመት ደግሞ ከሦስት ነገሮች ትልቁን ይይዛል፦ የእርከኑን ከፍታ እጥፍ፣ የኮንክሪቱን ውፍረት ወይም 30 ሴንቲ ሜትር። የመሐንዲስ ፕላን ካላችሁ ግን የሚሠራው ፕላኑ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቀጥ ያለ የ18 ሜትር ግድግዳ አለን። የመሠረቱ ወርድ 0.60 ሜትር፣ ውፍረቱ 0.25 ሜትር ነው። መሬቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ 0.60 ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ እያንዳንዳቸው 0.20 ሜትር ከፍታ ያላቸው ሦስት እርከኖች እናደርጋለን። የከፍታው እጥፍ 0.40 ሜትር ነው፤ ከሦስቱ ትልቁም እሱ ስለሆነ ድርቡ 0.40 ይሆናል።

እርከኖቹን ለጊዜው እርሷቸውና መሠረቱን እንደ ሜዳ አስሉት።

18 × 0.60 × 0.25 = 2.70 ሜትር ኩብ

18 ሜትሩ አግድም የተለካ መሆን አለበት። ሜትሩን መሬት ላይ አታስተኙት፤ ሲባጎ በውሃ ልክ ወጥራችሁ በሱ ላይ ለኩ። ግድግዳው ጥግ ካለው ደግሞ በመሠረቱ መሃል መስመር ለኩ። በውጭው ጠርዝ ከለካችሁ እያንዳንዱን ጥግ ሁለቴ ትቆጥራላችሁ።

አሁን ድርቡን ጨምሩ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ድርቡን በሙሉ ውፍረት ማለትም በ0.25 ያባዛል። ሥዕሉን ተመልከቱ። ድርቡ ያለበት ቦታ ላይ ከታችኛው ክፍል ወለል እስከ ላይኛው ክፍል አናት ያለው ቁመት 0.25 ሲደመር 0.20 ነው። 0.25ቱን አስቀድመን ቆጥረነዋል። የቀረን የእርከኑ ከፍታ ብቻ ነው።

0.60 × 0.40 × 0.20 = 0.048 ሜትር ኩብ ለአንድ እርከን

ለሦስቱ 0.144 ይሆናል። ድምሩ 2.844 ሜትር ኩብ ነው። ድርቡን ጨርሶ የረሳ ሰው አምስት በመቶ ያህል ይጎድለዋል።

ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ በሌላ መንገድ ድገሙት። ክፍሎቹን ከነድርባቸው ደምሩ፤ 19.20 ሜትር ይመጣል። በወርድና በውፍረት ሲባዛ 2.88 ነው። ሁለቱ ክፍሎች የሚጋሩት 0.05 ሜትር ውፍረት በየእርከኑ ሁለቴ ተቆጥሯል፤ ለሦስቱ 0.036 ነው። ሲቀነስ ያው 2.844 ይመጣል። ካልተገናኙ አንዱ ቦታ ላይ ተሳስታችኋል።

ይህ ሁሉ በፕላን ነው። ቦዩ ግን በፕላን ልክ አይወጣም፤ በእኔ አስተያየት ከፍተኛው ጉድለት የሚመጣው ከዚህ ነው። ቁፋሮው ካለቀ በኋላ ወርዱን በየሁለት ሜትሩ ለኩና አማካዩን ውሰዱ። 0.65 ቢመጣ ስሌቱ ይለወጣል፦ ሜዳው 2.925፣ ድርቡ 0.156፣ በድምሩ 3.081 ሜትር ኩብ። አምስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ስምንት በመቶ ጨመረች ማለት ነው። ጥልቀቱ ደግሞ ይብሳል፤ ወለሉ ሦስት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ከተቆፈረ አስራ ሁለት በመቶ ይበላል። ስለዚህ በየክፍሉ ችካል ትከሉ፤ የችካሉን አናት በውሃ ልክ የኮንክሪቱ አናት ላይ አድርጉት። ከዚያ እስከ ወለሉ ስትለኩ እውነተኛውን ውፍረት ታገኛላችሁ።

የብክነት መጠባበቂያ የሚጨመረው ከዚህ በኋላ ነው። ቦዩን በደንብ ከለካችሁ አምስት በመቶ ይበቃል፤ 3.081 ወደ 3.235 ያድጋልና 3.25 ሜትር ኩብ እዘዙ። በፕላን ብቻ ካሰላችሁ ግን አስር በመቶ ጨምሩ። በዚህ ምሳሌ 3.13 ይመጣ ነበር፤ ለ0.65ቱ ቦይ እሱም ከብክነት ጋር ላይበቃ ይችላል።

ኮንክሪቱ ከታችኛው ክፍል ይጀመርና ወደ ላይ ይሞላል። የእያንዳንዱ የላይኛው ክፍል ጫፍ በጣውላ ካልተዘጋ ወደ ታች ይፈስና ስሌታችሁን ያበላሸዋል። ኮንክሪቱ በዙር የሚመጣ ከሆነ የመጨረሻውን ዙር ከማዘዛችሁ በፊት ቆም በሉ። ያልተሞላውን ርዝመት ለኩ፣ በዚያ ክፍል ወርድና ውፍረት አባዙ፣ የቀሩ እርከኖች ካሉ ድርባቸውን ጨምሩ፤ ያንን ልክ እዘዙ።