ሃሽ ቴብሉ ግማሽ እንኳ ሳይሞላ ለምን ይንቀረፈፋል?

ችግሩ። ደብረ ብርሃን አካባቢ ላለ የወተት መሰብሰቢያ የደረሰኝ መመዝገቢያ ሠርቼ ነበር። ገበሬው ጠዋት ወተት ሲያስረክብ የደረሰኙ ቁጥር ይገባል፣ ሲከፈለው ይሰረዛል። ቴብሉ 1024 ቦታ አለው፤ በውስጡ ያለው 400 ደረሰኝ ብቻ ነው። ሎድ ፋክተሩ 0.39 ነው ማለት ነው። እንዲያም ሆኖ ከቀን ወደ ቀን እየዘገየ ሄደ። በተለይ የሌለ ቁጥር ሲፈለግ ይብሳል። ይህች ልዩነት ዋና ፍንጭ ናት።

ምክንያቱ። የተጠቀምኩት ኦፕን አድሬሲንግ ነው። ሁለት ቁልፎች አንድ ቦታ ላይ ከተጋጩ ሁለተኛው ቀጥሎ ወዳለው ባዶ ቦታ ይሄዳል። ባለ 8 ቦታ ቴብል እንውሰድና ቁጥሩን ለ8 አካፍለን ቀሪውን እንያዝ። 17፣ 25 እና 33 ሁሉም ቀሪያቸው 1 ነው፤ ስለዚህ ቦታ 1፣ 2 እና 3 ላይ ይቀመጣሉ። አሁን 25ን ሰርዘን ቦታውን ባዶ ብናደርገው፣ 33ን የሚፈልግ ሰው ቦታ 2 ላይ ባዶ አግኝቶ «የለም» ብሎ ይመለሳል። 33 ግን አለ! ለዚህ ነው በቦታው «ተሰርዟል» የሚል ምልክት የሚተወው።

ምልክቱ ግን ፍለጋን አያስቆምም። የሌለ ቁጥር የሚፈልገው እውነተኛ ባዶ እስኪያገኝ ይጓዛል። ቆጥሬ ሳየው ምልክቶቹ 520 ደርሰዋል። ከ400ው ጋር 920 ይሆናል፣ 0.9 ገደማ። በ0.39 አንድ የሌለ ቁልፍ በአማካይ 2 ቦታ ያህል ያስፈትሻል፤ በ0.9 ግን ወደ 50። ባዶ ቦታ ጭራሽ ካለቀማ ፍለጋው ማቆሚያ ያጣል።

መፍትሄው። ገደቡን ስትፈትሹ ምልክቶቹንም ደምሩ፦

```
if (live + deleted) * 10 >= size * 7:
    rebuild()
```

እኔ 0.7ን መረጥኩ። `rebuild` በሕይወት ያሉትን ብቻ ወደ አዲስ ቴብል ያዛውራል። እነሱ ራሳቸው ከግማሽ በላይ ከሆኑ መጠኑን እጥፍ አድርጉ፤ ካልሆኑ ያው 1024 ይበቃል። ዝም ብሎ ማሳደግ ሜሞሪ ማባከን ነው።

ስረዛ የሚበዛበት ሥራ ከሆነ ግን ሰንሰለትን እመርጣለሁ። እዚያ የተጋጩት በአንድ ቦታ ሥር በዝርዝር ይያያዛሉ። ስትሰርዙ ቀለበቱ ይወጣል፣ ምልክት አይቀርም። ሎድ ፋክተሩ 1 ቢያልፍም አይቆምም፤ 2 ሲሆን አንድ የሌለ ቁልፍ በአማካይ 2 ቀለበት ብቻ ያስፈትሻል። ዋጋው ለእያንዳንዱ ቀለበት ተጨማሪ ፖይንተር፣ እንዲሁም በሜሞሪ ውስጥ ወዲያ ወዲህ መዝለል ነው።

ሰንሰለትም ቢዘገይባችሁ የረጅሙን ዝርዝር ርዝመት እዩ። ሌሎቹ ባዶ ሆነው አንዱ መቶ ከያዘ፣ ጥፋቱ የሃሽ ፈንክሽኑ ነው፤ ቴብሉን ማሳደግ ብቻውን ላያድናችሁ ይችላል።