«ሙሉ ዋራንቲ አለው» ተብሎ የተሸጠ መኪና፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዋሽንግተን አካባቢ ኡበር የሚነዳ አንድ ጓደኛዬ ቨርጂኒያ ካለ ዲለር የ2021 ካምሪ ሃይብሪድ ገዛ። መኪናዋ 41,000 ማይል ሄዳለች። በዋጋው ላይ ሁለት ሰዓት ተከራክሮ አስቀነሰና ሊፈርም ወደ ፋይናንስ ክፍል ገባ። እዚያ የተቀመጠው ሰው 3,200 ዶላር የሚያወጣ «ሙሉ ዋራንቲ» አቀረበለት። «ብድሩ ውስጥ ስለሚገባ አይሰማህም፤ በወር ሃምሳ ምናምን ዶላር ነው» አለው። ጓደኛዬ ደክሞታል፣ ፈረመ።

ከስምንት ወር በኋላ፣ በሐምሌ ሙቀት፣ ማይሉ 68,000 ላይ ሲደርስ የኤሲው ኮምፕረሰር ሞተ። ጋራዡ ለጥገናው 1,900 ዶላር ጠየቀ። ዋራንቲው አንዲት ሳንቲም አልከፈለም። ውሉን ይዞ እኔ ዘንድ መጣና አብረን አነበብነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚያ ንባብ የተገኙ ናቸው።

ሦስቱንም «ዋራንቲ» ብሎ በአንድ ስም መጥራት

የፋብሪካው ዋራንቲ በመኪናው ዋጋ ውስጥ አብሮ የሚመጣ ነው። የሚከፍለው አምራቹ ስለሆነ መኪናውን የትም ይግዙት፣ የዚያ ምርት ዲለር ሁሉ ሊሠራልዎ ይችላል። የዲለር ዋራንቲ ያገለገለ መኪና የሚሸጠው ነጋዴ በራሱ ኪስ የሚገባው ቃል ነው። ብዙውን ጊዜ አጭር ነው፤ 30 ቀን ወይም 1,000 ማይል፣ ከሁለቱ የቀደመው። ከዚያም ላይ ወጪውን ግማሽ በግማሽ የሚካፈል ይበዛል።

«ኤክስቴንድድ ዋራንቲ» የሚባለው ግን በሕጉ ዓይን ዋራንቲ አይደለም፣ ለብቻው በገንዘብ የሚገዛ የአገልግሎት ውል ነው። አንዳንዱን የሚሸጠው አምራቹ ራሱ ነው። ሌላውን ግን ዲለሩ ይሸጠዋል፣ አንድ አስተዳዳሪ ኩባንያ የጥገና ክፍያ ጥያቄውን ይመረምራል፣ ገንዘቡን የሚከፍለው ደግሞ ሌላ ሊሆን ይችላል። በጓደኛዬ ውል ላይ የዲለሩ ስም የሰፈረው «ሻጭ» በሚለው መስመር ብቻ ነበር። ሄዶ ሲጮህባቸው «እኛ ሸጥን እንጂ አንከፍልም» አሉት፤ እንደ ውሉ ልክ ናቸው። ከመፈረምዎ በፊት «ከፋዩ ማን ነው?» ብለው ይጠይቁና በጣታቸው ውሉ ላይ ያሳዩዎት።

ፋብሪካው በነጻ የሰጠውን መልሶ መግዛት

የዚያች ካምሪ የፋብሪካ ዋራንቲ በአራት የተከፈለ ነው። መሠረታዊው 3 ዓመት ወይም 36,000 ማይል ስለሆነ ገና ሲገዛት አልቋል። ሞተርና ካምቢዮ የሚሸፍነው 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል ነው። የሃይብሪድ ሥርዓቱ ዋና ዋና ክፍሎች 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል፣ ትልቁ የሃይብሪድ ባትሪ ደግሞ 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል አላቸው። ሁሉም የሚቆጠሩት መኪናዋ ለመጀመሪያው ባለቤት ከተሰጠችበት ቀን እንጂ እርስዎ ከገዙበት ቀን አይደለም።

ስለዚህ «ባትሪው ቢበላሽ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ያስወጣሃል» የሚለው ማስፈራሪያ ለዚያች መኪና ባዶ ነበር። በእውነት ሊያስፈልገው የሚችለው የኤሲ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃና የመሪ ሽፋን ነው። የሚገዙት መኪና ምን እንደቀረለት ማወቅ ቀላል ነው፦ የሻንሲ ቁጥሩን ይዘው ለዚያ ምርት ዲለር የጥገና ክፍል ይደውሉ፤ የሽያጭ ክፍሉን ሳይሆን።

ሁንዳይ የሚገዙ ሰዎች ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። በማስታወቂያ የሚታወቀው 10 ዓመትና 100,000 ማይል የሞተርና የካምቢዮ ዋራንቲ ለመጀመሪያው ባለቤት ነው። ከግለሰብ ወይም ከተራ ያገለገለ መኪና ሻጭ ሲገዙት ወደ 5 ዓመትና 60,000 ማይል ይወርዳል። ለታክሲና ለዕቃ ማድረሻ የሚሠራ መኪናንም ያ የአሥር ዓመት ሽፋን አያካትትም።

«100,000 ማይል» ከየት እንደሚቆጠር አለመጠየቅ

የጓደኛዬ ውል «7 ዓመት/100,000 ማይል» ይላል። እሱ ገና 100,000 ማይል የሚነዳ መስሎት ነበር። በትንንሽ ፊደል የተጻፈው ግን ቆጣሪው 100,000 ሲሞላ ውሉ ያበቃል ይላል። 41,000 ተነድቷልና የገዛው 59,000 ማይል ብቻ ነው። እሱ በዓመት 40,000 ማይል ያህል ይነዳል፤ ሰባት ዓመት የተባለው ለእሱ አንድ ዓመት ተኩል ማለት ነው።

ክፍያው ግን አንድ ዓመት ተኩል አይደለም። 3,200 ዶላሩ በ9 በመቶ ወለድ ለ72 ወር ብድሩ ውስጥ ስለገባ በወር 58 ዶላር ገደማ፣ በድምሩ 4,150 ዶላር አካባቢ ይሆናል። ሽፋኑ ካለቀ በኋላ አራት ዓመት ተኩል ይከፍልበታል። ዋጋው ራሱ እንደ መኪናው ዋጋ የሚከራከሩበት ነው፤ የዲለሩ ትርፍ ያለው እዚያ ነውና። «ባንኩ ካልገዛህ ብድር አይሰጥም» የሚል ካለ ደግሞ የባንኩን ስልክ ይጠይቁትና እዚያው ይደውሉ።

መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አለማንበብ

ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ዲለር «ባየርስ ጋይድ» የሚባለውን ቅጽ መኪናው ላይ መለጠፍ አለበት፤ የፌዴራል ደንብ ነው። «አዝ ኢዝ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ካለ ዲለሩ ምንም ዋራንቲ አልሰጠም ማለት ነው፣ ሻጩ በአፉ ምንም ቢል። ዋራንቲ ካለም ከመቶ ስንቱን እንደሚከፍል፣ የትኛውን ክፍል፣ ለስንት ጊዜ እንደሆነ እዚያው ይጻፋል። ሽያጩ በስፓኒሽ ከሆነ ቅጹም በስፓኒሽ መሰጠት አለበት፤ ለእኛ ግን በአማርኛ የሚሰጠን ስለሌለ ፎቶ አንስቶ ለሚያነብ ሰው መላክ ነው። «ግድ የለህም፣ ከተበላሸ አምጣው፣ እኛ እንሠራዋለን» ካሉዎት ያንኑ ቅጹ ላይ ያጽፏቸው።

የሚገዙበት ክልልም ለውጥ ያመጣል። ቨርጂኒያ «አዝ ኢዝ» ይፈቀዳል፤ ሜሪላንድና ዲሲ ግን ዲለሮች በዚህ መንገድ እንዳይሸጡ ይገድባሉ።

የማይሸፈነውን ገጽ መዝለል

ውሎቹ በሁለት ዓይነት ይጻፋሉ። አንደኛው የሚሸፈኑትን ዕቃዎች በስም ይዘረዝራል፤ ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ሁሉ የእርስዎ ነው። ሁለተኛው የማይሸፈኑትን ብቻ ይዘረዝራል፤ ሰፊውና ውዱ ይህ ነው። «ሙሉ» የሚለው ቃል የትኛውንም ሊያመለክት ስለሚችል አይመኑት። በሐምሌ 2024 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በቴሌቪዥን ማስታወቂያው የሚታወቀውን ካርሺልድን፣ ከሚናገረው በጣም ያነሰ ይሸፍናል ብሎ ከሶት በ10 ሚሊዮን ዶላር ተስማምተዋል።

የሚያልቁ ነገሮች እንደማይሸፈኑ ሁሉም ይገምታል፦ የፍሬን ሸራና ዲስክ፣ ጎማ፣ ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ ፍሪሲዮን፣ ትንሿ ባትሪ፣ የዝናብ መጥረጊያ። ሰው የሚጎዳው በሌሎቹ ነው።

አንዱ የምክንያት ሰንሰለት ነው። 20 ዶላር የማይሞላ የራዲያተር ጎማ ቱቦ ይፈነዳል፣ ውሃው ያልቃል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ቴስታው ይጣመማል። ሞተሩ በውሉ ተሸፍኗል፣ ቱቦው ግን አልተሸፈነም። ብዙ ውሎች «ባልተሸፈነ ዕቃ ምክንያት የደረሰ ጉዳት» እና «ሞተር በመጋሉ የደረሰ ጉዳት» አይከፈልም ይላሉ፤ ሙሉው ሂሳብ ወደ እርስዎ ይመጣል። ስለዚህ የሙቀት መለኪያው ቀይ ሲነካ ወይም መብራቱ ሲበራ «ቤት ልድረስ» ማለት ሞተሩንም ዋራንቲውንም ማጣት ነው፤ ያቁሙና በተጎታች ያስወስዱ። ዘይት እንዳይፈስ የሚያሽጉት ጓርኒሲዮንና ፓራዮሊዮም ርካሽ በሆኑት ውሎች ብዙውን ጊዜ ለብቻቸው አይሸፈኑም፤ ዘይት ማፍሰስ ደግሞ ያረጀ መኪና ዋና ችግር ነው።

ሌላው ከመግዛትዎ በፊት የነበረ ብልሽት ነው። ብዙ ውሎች የመጀመሪያዎቹን 30 ቀናትና 1,000 ማይል አይከፍሉም። ከዚያ በኋላም ቢሆን የኩባንያው መርማሪ ብልሽቱ የቆየ ነው ብሎ ከወሰነ ይከለክላል። መኪናውን ከመግዛትዎ በፊት የራስዎ መካኒክ አይቶት የሰጠው ወረቀት የሚጠቅመው እዚህ ነው።

ጓደኛዬን የጣለው ግን ለሥራ መዋል ነው። የውሉ አንድ መስመር፣ ሰው ወይም ዕቃ በክፍያ የሚያመላልስ መኪና አይሸፈንም ይላል። የኩባንያው መርማሪ ጋራዥ መጥቶ ፎቶ ሲያነሳ የኡበሩ ምልክት መስታወቱ ላይ ነበር። «ልጥፉን ማንሳት ነበረብኝ» አለኝ በኋላ። አያዋጣም፤ በስምንት ወር 27,000 ማይል ራሱ ይናገራል፣ የኢንሹራንስ ወረቀቱም እንዲሁ። አንዳንድ ኩባንያዎች ጭማሪ ተከፍሎበት ለሥራ የሚውል መኪናን የሚሸፍን ውል አላቸው። ሲገዙ ሥራዎን ይንገሩና ያ ጭማሪ ውሉ ላይ መጻፉን ይዩ። ከሌለ፣ ሹፌር ከሆኑ፣ አይግዙ።

ሳያስፈቅዱ ማሠራት

መጀመሪያ ጋራዡ ለኩባንያው ይደውላል፣ ፈቃድ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ከዚያ ይሠራል። አሠርተው ደረሰኝ ቢልኩ አይከፈልዎትም። ጋራዡ ሞተሩን ፈትቶ ማየት ካስፈለገው የመፍቻውን ሂሳብ እንዲከፍሉ እርስዎ ይፈርማሉ፤ ጥያቄው ውድቅ ከሆነ ያ ገንዘብ የእርስዎ ዕዳ ነው። የሰዓት ክፍያ ጣሪያም አለ፦ ውሉ በሰዓት 120 ዶላር ብቻ እከፍላለሁ ካለና ጋራዡ 180 ካስከፈለ፣ ልዩነቱ በየጥገናው እርስዎ ከሚከፍሉት ዲዳክቲብል ሌላ ከኪስዎ ይወጣል።

«ዲለር ካልሠራው ዋራንቲው ይበላሻል» ብሎ መፍራት

ይህ ስለ ፋብሪካው ዋራንቲ የሚወራ ነው፤ እውነት አይደለም። ከ1975 ጀምሮ ባለው የፌዴራል ሕግ መሠረት አምራቹ ዘይት በእኔ ዲለር ካልቀየርክ ብሎ ዋራንቲ መከልከል አይችልም። ሠፈር ያለው የሐበሻ ጋራዥ ሊቀይርልዎ ይችላል፣ ራስዎም ይችላሉ። የሚጠየቁት ማስረጃ ነው፦ ቀን፣ ማይልና የዘይቱ ዓይነት ያለበት ደረሰኝ። በእጅ ገንዘብ ከፍለው ያለ ደረሰኝ ከወጡ፣ በጊዜው የተቀየረውም ዘይት እንዳልተቀየረ ይቆጠራል።

አንዴ ፈርሜያለሁ ብሎ መተው

ጓደኛዬ ለጥገናው የጠየቀውን ገንዘብ አላገኘም፤ ውሉን ግን እንዲሰርዝ ነገርኩት። እነዚህን ውሎች አብዛኛውን ጊዜ ማቋረጥ ይቻላል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሆነና ካልተጠቀሙበት በሙሉ፣ ከዚያ በኋላ በቀረው መጠን ይመልሳሉ። የእሱ የተሰላው በማይል ነው፦ ከ59,000 ማይል 27,000 ተጠቅሟል፣ 54 በመቶ ቀርቷል፤ ያም 1,736 ዶላር ነው። ከዚያ ላይ 50 ዶላር የማቋረጫ ተቀነሰ። በስልክ ሦስት ጊዜ አመላለሱት፤ የቆጣሪውን ፎቶ አያይዞ በአደራ ደብዳቤ ሲልክ ተቀበሉት።

1,686 ዶላሩ በእጁ አልገባም፣ ለባንኩ ተላከ። የወር ክፍያውም ስላልቀነሰ መጀመሪያ ላይ እንደገና የተታለለ መስሎት ነበር። ከዋናው ዕዳ ላይ ተቀንሷል፤ ብድሩ ቀድሞ ያልቃል እንጂ ወርሃዊው አይለወጥም።