የጠዋት የልብ ምት ሲጨምር፣ ልዩነቱ ሲቀንስ፦ ሯጭ ከአቅም በላይ መልመዱን በሳምንት ውስጥ እንዴት እንደሚለይ

መጀመሪያ የራስን ልክ ማወቅ ይቀድማል። ለሁለት ሳምንት ልምምድዎን ቀለል አድርገው በየጠዋቱ የልብ ምትዎን ይለኩ። እንደነቁ ሽንት ቤት ይሂዱ፣ ተመልሰው ይጋደሙና ሁለት ደቂቃ ያህል ጸጥ ይበሉ። ከዚያ ቡናም ስልክም ሳይነኩ ይለኩ። በጣት የሚቆጥር ሰው ሙሉ 60 ሰከንድ ይቁጠር። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት የተለመደ ቢሆንም፣ አንዲት ምት ብትዘለል ውጤቱ በ4 ይዛነፋል። እዚህ የምንፈልገው ለውጥ ደግሞ ከዚያ ብዙም አይበልጥም።

ሁለተኛው ቁጥር በምትና በምት መካከል ያለው ጊዜ ምን ያህል እንደሚለዋወጥ የሚያሳየው ነው። ይህ በጣት አይገኝም፤ የደረት ቀበቶና የስልክ መተግበሪያ ይፈልጋል። ስክሪኑ ላይ RMSSD ተብሎ በሚሊ ሰከንድ ይነበባል፤ እዚህ ልዩነት የምንለው ይህን ነው። ያረፈ ሰው ልብ አየር ሲያስገባ ትንሽ ይፈጥናል፣ ሲያስወጣ ይዘገያል፤ ይህን የሚያደርገው ልብን የሚያረጋጋው ነርቭ ነው። ድካም ሲከማች ይህ ነርቭ ይዳከማል፣ ምቱ ይፈጥናል፣ ክፍተቶቹም እኩል ወደ መሆን ይሄዳሉ። ምቱ እንደ ሰዓት እኩል መሆኑ ጥሩ ምልክት የሚመስለው ሯጭ ብዙ ነው፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው።

አሁን ደብረ ማርቆስ ላይ የሚለማመድ አንድ ሯጭ እናስብ። በሁለቱ ሳምንት የተገኘው ልኩ 46 ምት ነው፤ ልዩነቱ ደግሞ ከ70 እስከ 90 ባለው ውስጥ ይዋዥቃል። ሰኞ ጠዋት 46 እና 82፣ ማክሰኞ 47 እና 78 አገኘ። ማክሰኞ አስር ጊዜ 1,000 ሜትር በፍጥነት ሮጠ። ረቡዕ ጠዋት 50 እና 64 ሆነ። እስካሁን የሚያስፈራ ነገር የለም፤ ከከባድ ልምምድ ማግስት ምቱ መጨመሩ፣ ልዩነቱም መውረዱ የሚጠበቅ ነው።

ጉዳዩ የሚጀምረው ሐሙስ ነው። ረቡዕን በቀላል ሩጫ አሳልፎም 49 እና 68 ላይ ቀረ፤ ማለትም ገና አላገገመም። በዚያው ቀን ግን ረጅም ዳገት ጨመረበት። ዓርብ 52 እና 61፣ ቅዳሜ 53 እና 57፣ እሁድ 54 እና 52 ሆነ። የሰባቱ ቀን አማካይ ምት 50 ገደማ፣ ልዩነቱ 66 ነው። የልዩነቱ አማካይ ራሱ ከ70 በታች ወርዷል፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ጠዋቶችም በአንድ አቅጣጫ ሄደዋል። ውሳኔ የሚሰጠው በዚህ ነው እንጂ በአንድ ቀን ቁጥር አይደለም።

እሁድ የታሰበው 30 ኪሎ ሜትር ይቅር። ያን ቀንና ሰኞን ይረፍ፤ ከዚያ ሳምንታዊውን ርቀት በግማሽ ይቀንስ፣ ፍጥነትና ዳገት ይተው። ምቱ 48 ወይም በታች፣ ልዩነቱ 70 ወይም በላይ ሆኖ ሁለት ጠዋት ተከታትሎ ሲገኝ መጀመሪያ ርቀቱን ይመልስ፣ ፍጥነቱን በኋላ። ብዙዎች የሚሳሳቱት አንድ ጥሩ ጠዋት አይተው በማግስቱ ኢንተርቫል በመግባት ነው።

ጥፋቱን ሁሉ ልምምድ ላይ ከመጣልዎ በፊት ግን ሌላውን ምክንያት ይመርምሩ። ሌሊቱን ማሕሌት የቆመ፣ ጠላ ወይም አረቄ ያመሸ፣ በጾም ቀን ሮጦ ማታ በቂ ውሃ ሳይጠጣ የተኛ ሰው በማግስቱ ይኸው ቁጥር ይወጣለታል። ከባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ተነስቶ ወደ ጮቄ ተራራ ግርጌ የወጣም የመጀመሪያዎቹን ቀናት ምቱ ከፍ ይላል። ስለዚህ ከቁጥሩ አጠገብ እንቅልፍን፣ ምግብንና የተለየ ነገርን በአንድ መስመር ይጻፉ። በአንድ ሌሊት 10 ምት ከጨመረ ትኩሳት ይጠርጠር፤ በተለይ ወደ ዓባይ ሸለቆ ወርዶ የተመለሰ ሰው ሳይሮጥ የወባ ምርመራ ያድርግ።

አንድ አሳሳች ሁኔታም አለ። ከአቅም በላይ በመልመድ ለረጅም ጊዜ የተጎዳ የርቀት ሯጭ ምቱ ዝቅ ብሎ፣ ልዩነቱም መልካም ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን በለመደው ፍጥነት ሲሮጥ እግሩ ይከብዳል፣ እየጣረም የልብ ምቱ አልወጣ ይለዋል። ሰዓቱና እግሩ ሲከፉ ቁጥሩ ቢያምርም እግሩን ይመን።

የአንድ ሳምንት መዋዠቅ ገና ከአቅም በላይ የመልመድ ሕመም አይባልም፤ በእረፍት ብዙ ጊዜ ይመለሳል። በቂ ተኝቶና በልቶ ሁለት ሳምንት ካረፈ በኋላም ምቱ ካልወረደ፣ ሰዓቱም ካልተመለሰ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ደሙን፣ በተለይ የብረት መጠኑን፣ ያስመርምር።