ለሙሽራ የወርቅ ሐብል ሲመርጡ በጀቱን አስቀድመው ወደ ግራም ይመንዝሩ

ብዙ ሰው ወርቅ ቤት ገብቶ መጀመሪያ ዓይኑ ያረፈበትን ሐብል ያነሣና ዋጋውን ይጠይቃል። እኔ የምመክረው ተገላቢጦሹን ነው፤ ቤተሰቡ የሚያወጣውን ገንዘብ ቤት ውስጥ ቆርጦ ይነሣ፣ ያ ገንዘብ ስንት ግራም እንደሚገዛ ይታወቅ፣ የቅርጽ ምርጫው ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ስሌቱ እንዲህ ነው። በጀትዎን ለዕለቱ የአንድ ግራም ንጹሕ ወርቅ ዋጋ ያካፍሉ። 18 ግራም ወጣ እንበል። ከዚህ ላይ የእጅ ዋጋ አለ፤ ሻጩ በወርቁ ዋጋ ላይ 20 በመቶ ለሥራው የሚጨምር ከሆነ፣ ለወርቁ የሚተርፈው የ15 ግራም ዋጋ ነው። በዚህ ገንዘብ በ18 ካራት 20 ግራም የሚመዝን ሐብል ይገዛሉ፤ በ21 ካራት ደግሞ 17 ግራም ገደማ። የመጀመሪያው በሚዛን ቢበልጥም በውስጣቸው ያለው ንጹሕ ወርቅ እኩል ነው፤ 18 ካራት ከመቶው 75ቱ፣ 21 ካራት 87.5ቱ ብቻ ወርቅ ነውና። ማኅተሙም ይህንኑ በሺህ ቆጥሮ 750 ወይም 875 ይላል። ሰንሰለቱና ተንጠልጣዩ ለየብቻ የተሠሩ ሊሆኑ ስለሚችሉ የሁለቱንም ማኅተም ይዩ።

ሙሽራዋ ሐብሉን ዘወትር የምታደርገው ከሆነና ሰንሰለቱ ቀጭን ከሆነ 18 ካራት ይሻላል፤ የተቀላቀለው መዳብና ብር ያጠነክረዋል። ለበዓል ብቻ የሚወጣ፣ ለክፉ ቀንም የሚቀመጥ ከሆነ ግን ከፍ ያለ ካራት ያለው፣ ጌጡ ያልበዛ ሐብል እመርጣለሁ። ሲሸጥ የሚመዘነው ወርቁ ነው፤ የእጅ ዋጋው ብዙውን ጊዜ አይመለስም።

በጀት ጠበብ ሲል ወፍራም መስሎ የሚቀል ሐብል ይቀርብልዎታል። ውስጡ ባዶ ነው። ለዓይን ይሞላል፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ከተጨፈለቀ ማቃናቱ ያስቸግራል። ያንኑ ግራም ቀጠን ባለ ድፍን ሰንሰለት መግዛት ይሻላል። ፈርጥ ካለው ክብደቱ ከወርቁ ተነጥሎ ይነገርዎ፤ አለበለዚያ ለድንጋይ የወርቅ ዋጋ ይከፍላሉ።

ከመክፈልዎ በፊት መቆለፊያውን አሥር ጊዜ ያህል ይክፈቱና ይዝጉ። ሐብል ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው መሐሉ ላይ አይደለም፤ መቆለፊያው የሚያያዝባት የመጨረሻዋ ቀለበት ተፍቃ ሳስታ ነው። ያች ቀለበት ከሌሎቹ የቀጠነች ከሆነ ወይም ጫፎቿ ካልተበየዱ እንድትቀየር ይጠይቁ።

ርዝመቱን ሙሽራዋ ከምታደርገው ሐብል በክር ይለኩ፤ ካልተገኘ 45 ሴንቲሜትር ሆኖ ጫፉ ላይ ማሳጠሪያ ቀለበቶች ያሉትን ይውሰዱ። ሐብሉ ፊትዎ ተመዝኖ የወርቁ ግራም፣ ካራቱና የእጅ ዋጋው ተለያይተው በደረሰኙ ላይ ይጻፉ።