ቀሚሱ ከፊት ለምን ተነሳ? ችግሩን ከፎቶ ላይ ማንበብ

ሐዋሳ ካለው ስፌት ቤቴ ሆኜ ከይርጋለምና ከዲላ የሚላኩልኝን ፎቶዎች በየቀኑ አያለሁ። መልእክቱ ሁሌም «ጠቦኛል፣ ይስፋልኝ» ነው። ብዙ ጊዜ የጎደለው ግን ስፋት ብቻ አይደለም።

በመጀመሪያ፣ ሰው ራሱን በራሱ ያነሳው ፎቶ አይጠቅመኝም። ክንድ ሲነሳ ልብሱም አብሮ ይነሳል፤ ልክ የሆነ ቀሚስ እንኳ ይወጠራል። ሌላ ሰው ያንሳችሁ። ስልኩ በወገብ ከፍታ ይሁን፤ እጃችሁን አውርዱ፤ ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ ላኩ።

ደጋግሜ የማየው ይሄ ነው። ከወገብ ጎን ተነስቶ ወደ ጡት የሚወጣ ሰያፍ መስመር አለ። የቀሚሱ ጫፍ ከፊት ተነስቷል። የጎን ስፌቱም ወደ ፊት ተስቧል። የተወጠረ መስመር ጨርቅ ያነሰበትን ቦታ ነው የሚያሳየው። ሦስቱ አብረው ከታዩ፣ ጡት ላይ የፊቱ ጨርቅ በቁመትም አጥሯል ማለት ነው።

አንዲት ደንበኛዬ እንዲህ ያለ ቀሚስ ይዛ መጣች። ሌላ ሰፊ ጎንና ጎኑን ፈትቶ አስፍቶላታል። ወገቡ ላላ፤ መስመሩ ግን አልጠፋም። ከአንገት ስር ጀምሬ በጡት ላይ አሳልፌ እስከ ወገብ ለካኋት፦ 46 ሴንቲ ሜትር። ቀሚሱ 43 ነው። የጠፋው 3 ሴንቲ ሜትር ቁመት ጎን በመፍታት ከየት ይመጣል? ወገቡ ላይ የተተወው ትርፍ 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር። ደግነቱ የተረፈ ጨርቅ ቤቷ ነበራት። የፊቱን የላይኛ ክፍል እንደገና ቆረጥኩት። የጨመርኩትን 3 ሴንቲ ሜትር ከጎን ወደ ጡት በሚሄድ እጥፋት ሰፋሁት፤ ስለዚህ የጎኑ ቁመት ከኋላው ጋር እኩል ሆነ። የእጥፋቱ ጫፍ ከጡት ጫፍ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ቀደም ብሎ መቆም አለበት፤ ካለዚያ ሾጣጣ ይሆናል። ስትለብሰው መስመሩ ጠፋ።

እባካችሁ፣ ጫፉን ለማስተካከል ብላችሁ ኋላውን አትቁረጡ! ጥፋቱ ያለው ላይ ነው። እንዲህ ተቆርጦ የመጣ ቀሚስ ስንቴ አይቻለሁ፤ ፊቱ ሲስተካከል ኋላው አጥሮ ይቀራል። ሰፊዎችም ብትሆኑ ጡት ሳትለኩ አትቁረጡ።

ሸሚዝ ጡት ላይ ብቻ ከተከፈተ አንዱ ቁልፍ በትክክል በጡት ትይዩ ይሁን። መርፌ ቁልፍ ጨርቁን ይቀድዳል እንጂ አያሰፋም።

የሱሪ እግር ተጠምዝዞ ስፌቱ ወደ ፊት ከዞረ፣ ብዙውን ጊዜ ጨርቁ በክሩ አቅጣጫ አልተቆረጠም ማለት ነው። ጨርቅ ለመቆጠብ አጣምሞ የሚቆርጥ ሰው ያናድደኛል፤ ይሄ ፈትቶ በመስፋት አይድንም። ታጥቦ የተጠማዘዘ ቲሸርት ግን ብዙውን ጊዜ ከሹራቡ አሠራር ነው። እሱን አትፍቱት።