ፋሲካ መቼ እንደሚውል ከስደት ለቤተሰብ ጽፎ መጠየቅ

ቤይሩት ሰው ቤት ስሠራ፣ በ2016 ዓ.ም.፣ ለእናቴ «ፋሲካ መቼ ነው?» ብዬ ላክሁባት። መልሱም እንደ ጥያቄው አጭር ነበር። «27 ነው» አለችኝ። ወጥ ቤት ከተሰቀለው ካላንደር ላይ ኤፕሪል 27ን በእስክሪብቶ ከበብኩት። ማዳምን ሁለት ሳምንት ለምኜ የአንድ ቀን ፈቃድ አገኘሁ። ቀኑ ደርሶ ነጠላዬን አጣፍቼ ሐበሾች የምንሰበሰብበት ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ግቢው ጭር ብሏል። አንዲት እህት ብቻ ቁጭ ብላ ዘንባባ ትሰነጥቃለች። ለካ የሆሳዕና ዋዜማ ነው! ፋሲካ ገና ስምንት ቀን ይቀረዋል። ፈቃዴ ግን አለቀ።

እናቴ አልተሳሳተችም። እሷ ያለችው ሚያዝያ 27 ነው፤ በፈረንጅ ሜይ 5። ጥፋቱ የኔ አጠያየቅ ነው። አሁን እንዲህ ነው የማደርገው።

መጠየቅ ያለበትን ብቻ ጠይቁ

ጥምቀት ሁሌም ጥር 11 ነው፣ መስቀልም መስከረም 17። ለነሱ ደብዳቤ አያስፈልግም። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ያለው ዓመት፣ ማለትም ዘመነ ዮሐንስ፣ ከፈረንጁ ጋር በአንድ ቀን ይዛነፋል። 2016 እንደዚያ ነበር፤ ጥምቀት ጃንዋሪ 19 መሆኑ ቀርቶ 20 ላይ ዋለ። የሚቀጥለው 2020 ዓ.ም. ነው። ገና ደግሞ በዚያ ዓመት ታኅሣሥ 28 ይከበራል እንጂ 29 አይሆንም። በፈረንጁ ግን ጃንዋሪ 7 እንዳለ ነው።

በየዓመቱ ቦታ የሚቀይረው ፋሲካ ነው። እሱን ይዘው ዐቢይ ጾም፣ ሆሳዕና፣ ዕርገት ሁሉ ይንቀሳቀሳሉ። ከመስከረም ጀምሮ መጠየቅ ይቻላል። በዘመን መለወጫ ቀን ካህናቱ የዓመቱን በዓላትና አጽዋማት ያውጃሉ፤ ቤት ያሉት ሰምተውታል።

ደብዳቤውን ጻፉ

በኢሞ ድምፅ መላክ ይቀላል፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ለቀን ነገር ድምፅ አልወድም። እናቴ ስለ ላሟ፣ ስለ ጎረቤት ሰርግ፣ ስለ ዝናቡ አውርታ አውርታ ቀኑ መሀል ላይ ይጠፋል። ጽሑፍ ይሻላል። በወረቀት ጽፋችሁ ፎቶውን መላክም ይቻላል፤ የወንድሜ ልጅ ያነብላታል። የኔ ይህን ይመስላል፦

«ለውድ እናቴና ለመላው ቤተሰብ። ለጤናችሁ እንዴት ሰነበታችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። የ2019 ፋሲካ በኛ አቆጣጠር በየትኛው ወር፣ በስንት ቀን ይውላል? ነነዌስ መቼ ትገባለች? ወሩን በስሙ ጻፉልኝ። ወደ ፈረንጅ እንዳትቀይሩት፤ እኔ እዚህ እቀይረዋለሁ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትዝለሏት። አንድ ጊዜ የወንድሜ ልጅ ሊያግዘኝ ብሎ በፈረንጅ ቀይሮ ቀኑን ብቻ ጻፈልኝ። እኔ ደግሞ የኛ መስሎኝ እንደገና ቀየርኩት። ቀያሪ አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ያም ካላንደሩ ፊት ለፊቱ ያለው ሰው።

መልሱን ወደ ፈረንጅ ቀይሩ

ይህን የሚሠሩ አፖች አሉ። ችግሩ ስልኬ የሚሰጠኝ እሁድ እሁድ ብቻ ነበር። ስለዚህ በጣቴ መቁጠር ለመድኩ።

ፋሲካ ከመጋቢት 26 በፊት አይገባም፤ ከሚያዝያ 30ም አያልፍም። ስለዚህ ማወቅ ያለባችሁ ትንሽ ነው። ሚያዝያ 1 ማለት ኤፕሪል 9 ነው። መልሱ ከሚያዝያ 1 እስከ 22 ከሆነ 8 ደምሩ፤ ኤፕሪል ይሆናል። ከ23 ጀምሮ ከሆነ 22 ቀንሱ፤ ሜይ ይሆናል። በመጋቢት መጨረሻ ከዋለም 22 ቀንሱ፤ የዚያኛው ግን ኤፕሪል ነው። የዘመነ ዮሐንስ መዛነፍ እዚህ አይደርስም። ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29ን ሲጨምሩ ነገሩ ይስተካከላል።

የኔን 27 እንሞክር። 27 ሲቀነስ 22፣ 5። ሜይ 5። ይህችን ስሌት ያን ጊዜ ባውቃት ኖሮ!

ፈቃድ ከመጠየቃችሁ በፊት አረጋግጡ

መጀመሪያ ካላንደሩን እዩ፤ የቀየራችሁት ቀን እሁድ ላይ ነው? ፋሲካ ከእሁድ ንቅንቅ አይልም። እኔ የከበብኩት ኤፕሪል 27 ቅዳሜ ነበር። ቅዳሜ መሆኑን አይቻለሁ እኮ፤ «ዋዜማው ይሆናል» ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እሁድ ካልሆነ መልሱ ወይም ስሌቱ ተሳስቷልና እንደገና ጻፉ።

ሁለተኛው ማረጋገጫ ነነዌ ናት። በደብዳቤው ውስጥ ያስገባኋት ለዚህ ነው። ነነዌ ሁሌ ሰኞ ትገባለች፤ ፋሲካ ከሷ በ69ኛው ቀን ይውላል። ከጳጉሜን በቀር የኛ ወር ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ 69 ማለት ሁለት ወር ከ9 ቀን ነው። ወሩን ሁለት ወደፊት ትሄዳላችሁ፣ ቀኑ ላይ 9 ትደምራላችሁ፣ በቃ። በ2018 ነነዌ ጥር 25 ገባች። ሁለት ወር ሲሄድ መጋቢት 25፤ 9 ሲጨመር 34። ከ30 ስላለፈ 30 ትጥሉና ሚያዝያ 4 ይመጣል። 8 ስትደምሩ ኤፕሪል 12፣ እሁድ። ከቤት የመጣው ቀን ከዚህ ጋር ካልገጠመ አንደኛው ቁጥር በስህተት ተጽፏል ማለት ነው።

ማሳሰቢያ፦ ማዳም «ፋሲካ አልፏል እኮ» ልትል ትችላለች። የካቶሊኮቹን ማለቷ ነው፤ በ2016 የነሱ ማርች 31 ነበር። ሊባኖስ ውስጥ ያሉት የግሪክ ኦርቶዶክሶች ግን ከኛ ጋር በአንድ ቀን ነው የሚፈስኩት። ይህን ብትነግሯት ቶሎ ይገባታል።

ፈቃዱን የቅዳሜ ማታንም ጨምራችሁ ጠይቁ። ቅዳሴው ሌሊት ነው። እሁድ ጠዋት ብቻ ከወጣችሁ የምትደርሱት ለዶሮው ነው።

እናት በቁጥር ካልመለሰች

የኔ እናት ቁጥር አትወድም፤ ቀን የምትቆጥረው በታቦት ነው። «ፋሲካ ዘንድሮ ሚካኤል ላይ ነው» ካለች 12 ማለቷ ነው፤ የ2017ቱ እንደዚያ ነበር። ማርያም 21፣ ጊዮርጊስ 23፣ መድኃኔ ዓለም 27። እንዲህ ያለ መልስ እንዲያውም ይሻላል፤ ከፈረንጅ ቀን ጋር ማምታታት አይቻልም። ወሩን ብቻ መልሳችሁ ጠይቁ።

ለ2019ኙ ደብዳቤ የወንድሜ ልጅ በጥሩ ጽሕፈት «ነነዌ የካቲት 15፣ ፋሲካ ሚያዝያ 24፣ እሁድ» ብሎ መለሰልኝ። ከግርጌው ደግሞ «አያቴ ተክለ ሃይማኖት ላይ ነው በላት ብላለች» የሚል አለ። ተክለ ሃይማኖት 24 ነው። 22 ቀነስኩ፤ ሜይ 2። ካላንደሩን ገልጬ እሁድ መሆኑን አየሁና ከበብኩት።